ዕቃ ልሽጥ ወይስ ሙያዬን? በ40 ሺህ ብርና በሳምንት በ14 ሰዓት

ባለፈው ዓመት የአክስቴ ልጅ እቁብ ደረሳት። 40 ሺህ ብር ነበር። የምትሠራው ሜክሲኮ አካባቢ ያለ ቢሮ ነው። 11 ሰዓት ተኩል ትወጣለች። ልደታ ቤቷ ገብታ፣ እራት አብስላ ቁጭ እስክትል ሁለት ሰዓት ይሆናል። ብሩን ሥራ ላይ ማዋል ፈለገችና እኔ ጋ መጣች፤ እኔ የዕቃ ንግድ ውስጥ ብዙ ዓመት ስለቆየሁ ነው።

መጀመሪያ ትርፍ ሰዓቷን አብረን ቆጠርን። ከሰኞ እስከ ሐሙስ በየማታው ሁለት ሰዓት አላት። ቅዳሜ ከሰዓት አራት፣ እሁድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ሁለት። ሲደመር በሳምንት 14 ሰዓት። ከዚህ በላይ የለም።

ሁለት ሐሳብ ነበራት። አንደኛው ከመርካቶ አንሶላ እያመጡ በቴሌግራምና ለሥራ ባልደረቦች መሸጥ። ሁለተኛው መጋረጃ መስፋት። እናቷ የተዉላት በእግር የሚረገጥ የስፌት መኪና ቤት ውስጥ አለ። ከልጅነቷ ጀምሮ ትሰፋበታለች፤ የዘመድ አዝማዱን መጋረጃ የሰፋችው እሷ ናት። ግን ይህንን እንደ ሥራ ቆጥራው አታውቅም ነበር። ሥራ ማለት ለእሷ ዕቃ ገዝቶ መሸጥ ነው።

ብዙ ሰው እንደዚያ ነው የሚያስበው። ስለዚህ የእሷን ሒሳብ ልዘርዝረው። ዋጋዎቹ የእሷ ናቸው፤ እናንተ ስታሰሉ የራሳችሁን ቁጥር አስገቡበት። ስሌቱ ግን አንድ ነው።

አንሶላው

የጀመረችው በአንሶላ ነው። 8 ሺህ ብር ለክፉ ቀን አስቀመጠች። በ32 ሺህ ብር 20 አንሶላ ከነትራስ ልብሱ ገዛች፤ አንዱ 1,600 ብር። ልትሸጥ ያሰበችው 2,100 ነው። በአንድ አንሶላ 500 ብር ትርፍ ማለት ነው፤ ሃያው ሲሸጥ 10 ሺህ። ወረቀት ላይ ያማረ ነው።

ወሩ ሲያልቅ 12ቱ ተሸጧል። ለጀማሪ መጥፎ አይደለም። ግን ከ12ቱ አራቱ የሄዱት በዱቤ ነው። የቢሮ ሰው ነዋ፣ «ደሞዝ ሲገባ» ይላል። ባልደረባን እምቢ ማለት ደግሞ ከባድ ነው። ከሃያው ሳይሸጡ የቀሩት ስምንቱ ደግሞ ወይን ጠጅና ቡና ዓይነት ቀለም ያላቸው ናቸው። ጅምላ ሻጩ ቀለም ማስመረጥ አልፈቀደላትም፤ እንደታሰረ ነው የሰጣት። ነጩና ሰማያዊው በሁለት ሳምንት አለቀ፤ ሌላው ቁም ሣጥን ላይ ቀረ።

አንድ ማታ ደብተሯን ይዛ መጣች። «ጋሼ፣ አተረፍኩ ወይስ ከሰርኩ?» አለችኝ።

ቁጭ ብለን ሠራነው። 12 አንሶላ በ500 ሲባዛ 6,000 ብር ነው። ከመርካቶ ዕቃ ያመጣችበት መኪና 600፣ ለደንበኛ ያደረሰችበት 1,200፣ ኢንተርኔት 400 ወጥቷል። የሚቀረው 3,800 ብር። አትርፋለች ማለት ነው።

እጇ ላይ ያለው ግን 22,600 ብር ብቻ ነው። በ40 ሺህ ጀምራ፣ አትርፋም፣ በእጇ ያለው ገንዘብ ወደ ግማሽ ወርዷል። ቀሪው የት ገባ? 8,400 ብሩ ሰው እጅ ላይ ዱቤ ሆኗል። 12,800 ብሩ ቁም ሣጥን ላይ ወይን ጠጅ አንሶላ ሆኖ ተቀምጧል። ሦስቱ ሲደመር 43,800 ይሆናል፤ ሒሳቡ ልክ ነው። ግን በዚያ ሳምንት ልጇ ቢታመም ልታወጣ የምትችለው 22,600 ብቻ ነው።

የዕቃ ንግድ ትልቁ ጠባይ ይሄ ነው። ትርፉ ቶሎ ይታያል፤ ብሩ ግን ቶሎ አይመለስም። ብር የተረፈው ሰው ይህንን ይችላል። ወይን ጠጁ እስኪሸጥ ሌላ ነጭ ያመጣል። ያለችው 40 ሺህ ብቻ የሆነች ሰው ግን የማይሸጠው ዕቃ በያዘው ብር ልክ ሱቋ ይጠባል።

ሁለተኛው ነገር የገባት እንደገና ልትገዛ መርካቶ ስትወርድ ነው። ያው አንሶላ 1,750 ብር ሆኗል። ስለዚህ ከእያንዳንዱ 500 ብር ትርፍ 150ው ትርፍ አልነበረም፤ ያንኑ ዕቃ መልሶ ለመግዛት የሚሄድ ነው። በ12 አንሶላ 1,800 ብር ይሆናል። ከ3,800 ሲቀነስ እውነተኛ ትርፏ 2,000 ብር ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የውጭ ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ከውጭ የሚገባ ዕቃ የሚሸጥ ሰው ይህንን በደንብ ያውቀዋል። መሸጫ ዋጋ የሚወጣው ዕቃው በተገዛበት ዋጋ ሳይሆን ነገ በሚገዛበት ዋጋ ነው። እርግጥ ዋጋ ሲጨምር ቁም ሣጥን ላይ ያለው አንሶላም አብሮ ይወደዳል። ግን የሚጠቅመው ለሚሸጥ ዕቃ ነው፤ ወይን ጠጁን የሚፈልግ ከሌለ መወደዱ ምንም አይደለም።

ሰዓቱንም ቆጠርን። ይህንን ሰው አይቆጥረውም። መርካቶ ሁለት ጊዜ ወርዳለች፤ ስምንት ሰዓት። ፎቶ ማንሳትና መለጠፍ ሦስት ሰዓት። ለደንበኛ ማድረስ ሰባት። ትልቁን ሰዓት የበላው ግን መልእክት መመለስ ነው። «ዋጋ?» «ሌላ ቀለም የለም?» «መጨረሻውን ንገሪኝ።» በቀን 40 ደቂቃ ብትይዙት በወር 20 ሰዓት ነው። ድምሩ 38 ሰዓት። 3,800 ለ38 ሲካፈል በሰዓት 100 ብር። የዋጋ ጭማሪውን ስንቀንስ ወደ 50 ይጠጋል። ያ መልእክት ደግሞ የሚመጣው በቢሮ ሰዓት ነው። ሦስት ሰዓት ዘግይታ ስትመልስ ሰውየው ከሌላ ገዝቷል።

መጋረጃው

በሁለተኛው ወር ስፌቱን ሞከረች። መኪናውን ለማስጠገን 1,500፣ ያገለገለ መሰርሰሪያ ለመግዛት 5,500፣ ለክር፣ ለመርፌና ለመጋረጃ ቴፕ 2,000 አወጣች። በድምሩ 9,000 ብር። እነዚህ ነገሮች አይበላሹም፣ ቀለማቸው አልተወደደም አይባሉም።

የመጀመሪያ ደንበኛዋ ባለ ሁለት መኝታ ኮንዶሚኒየም የተከራየች ሴት ናት። የሳሎኑ መስኮት ዘንግ 3 ሜትር፣ የሁለቱ መኝታ ቤቶች 1.80፣ 1.80 ነው። ሲደመር 6.60 ሜትር። መጋረጃ ሲሰቀል እንዲሸነሸን ለዘንጉ ርዝመት ሁለት ተኩል እጥፍ ጨርቅ ይፈልጋል፤ 16.5 ሜትር ማለት ነው። ሁለት እጥፍም ይሠራል፣ ግን ሲዘጋ ሜዳ ሆኖ ይታያል። ጨርቁን ደንበኛዋ ራሷ ገዝታ ሰጠቻት። ለስፌቱና ለገጠማው 3,000 ብር ተስማሙ።

ለመለካት መሄጃና መመለሻውን ጨምሮ ሁለት ሰዓት ወሰደባት። ስፌቱ ስድስት፣ መተኮስ አንድ፣ መግጠም ሦስት። በድምሩ 12 ሰዓት። ለክር፣ ለቴፕ፣ ለታክሲ 600 ብር ወጣ። የቀረው 2,400 ብር ነው። በሰዓት 200 ብር፤ ከአንሶላው እጥፍ። ዱቤ የለም፤ መጋረጃው ተሰቅሎ ሳትወጣ በቴሌብር ተላከላት። በመጋረጃ ብትጀምር ኖሮ ከ40 ሺው 31 ሺህ ብሩ አይነካም ነበር።

ይህን ያየ «እንግዲያውስ ሁልጊዜ አገልግሎት ይሻላል» ሊል ይችላል። እኔ እንደዚያ አልልም። አገልግሎትም የራሱ ገመድ አለው፤ እሷን በሁለት በኩል ያዛት።

አንደኛው የሰዓት ጣሪያ ነው። አንሶላ ተኝታም ይሸጣል፤ መጋረጃ ግን እግሯ መኪናውን ካልረገጠ አይሰፋም። በወር 56 ሰዓት አላት፤ አንድ ቤት 12 ሰዓት ይፈልጋል። ከአራት ቤት በላይ አትችልም፤ አራቱ ሁሉ ቢገኙ 9,600 ብር ነው። በስፌቱ የመጀመሪያ ወር ያገኘችው ደግሞ ሁለት ብቻ ነው፤ 4,800 ብር።

እዚህ ላይ ሰዓት ሁሉ አንድ ዓይነት እንዳልሆነ አየን። ስፌትና ተኩስ ማታ ይሠራል። መብራት ቢጠፋ እንኳ የእግር መኪናው በሻማ ይሰፋል፤ ተኩሱ ብቻ ይጠብቃል። መለካትና መግጠም ግን የሚቻለው ደንበኛዋ ቤት ስትኖር ነው። ደንበኛዋም ሠራተኛ ናት፤ የምትገኘው ቅዳሜ ከሰዓትና እሁድ ነው። ስለዚህ እውነተኛው ገደብ 14ቱ ሰዓት አይደለም፤ የቅዳሜና እሁዱ ስድስት ሰዓት ነው። ለአንድ ቤት ደግሞ ከዚያ አምስቱ ይሄዳል። አገልግሎት ለመጀመር የምታስቡ ሁሉ መጀመሪያ ይህንን ጠይቁ፦ ከሥራው ውስጥ ደንበኛው ፊት የሚሠራው ስንት ሰዓት ነው? ሶፋና ምንጣፍ ማጠብ አብዛኛውን ጊዜ ደንበኛው ቤት ነው። ለሱቅ ሒሳብ መያዝ ግን አብዛኛው ማታ ቤት ይሠራል። ቢሮ የሚውል ሰው ከሁለቱ የቱን መምረጥ እንዳለበት ግልጽ ነው።

ሁለተኛው ገመድ ስሕተት ነው። በሁለተኛው ቤት ያጋጠማትን ልንገራችሁ። የሳሎኑን ቁመት በአንድ በኩል ብቻ ለካች፤ በስተግራ። ጨርቁን ቆርጣ፣ ሰፍታ፣ እሁድ ስትሰቅለው በስተቀኝ አራት ሴንቲ ሜትር አጠረ። ወለሉ ሜዳ አልነበረም። የታችኛው እጥፋት ሲፈታ ስምንት ሴንቲ ሜትር ትርፍ ስላለው ዳነች፤ ግን ሌሊቱን ሙሉ ስትፈታና ስትሰፋ አደረች። እጥፋቱ ጠባብ ቢሆን ኖሮ የሳሎኑን 7.5 ሜትር ጨርቅ ከኪሷ ትገዛ ነበር። ሜትሩን 450 ብር ብንይዘው 3,375 ብር ነው። የአንድ ቤት ሙሉ ትርፍ ሄዶ ሌላ 975 ይጨመርበታል። አሁን ቁመት በሦስት ቦታ ትለካለች፤ ግራ፣ መሐል፣ ቀኝ። ሦስቱን ደብተሯ ላይ ጽፋ ደንበኛዋን ታስፈርማለች።

የዕቃ ኪሳራ ቀስ ብሎ ነው የሚመጣው፤ ቁም ሣጥን ላይ እያየነው። የአገልግሎት ኪሳራ ግን በአንድ መቀስ ነው። ስለዚህ እጃችሁ ያልለመደውን ሙያ በሰው ንብረት ላይ አትማሩ። ሦስት ቤት በነፃ ወይም ለዘመድ ሠርታችሁ ስንት ሰዓት እንደፈጀባችሁና ስንት ጊዜ እንደተመለሳችሁ ጻፉ። ለአንድ ሥራ ሁለት ጊዜ ከተመለሳችሁ የሰዓት ዋጋችሁ በጣም ወርዷል ማለት ነው።

ታዲያ የቱ?

እኔ ጥያቄውን የምጠይቀው እንዲህ ነው። እጃችሁ ላይ ያነሰው ብር ነው ወይስ ሰዓት? ሁለቱም አንሰዋል የሚል ሰው እንኳ አንዱ ከሌላው ያንሰዋል።

ብሩ ካነሰና የሚከፈልበት እጅ ካላችሁ፣ አገልግሎት ቅድሚያ ይያዝ። ስድስት ወር የቆየ አገልግሎት በቂ ብር ያጠራቅማል፤ ከዚያ ዕቃ መግባት ይቻላል። በተቃራኒው መሄድ ግን ከባድ ነው። ብሩ ዕቃ ላይ ከታሰረ መሰርሰሪያ መግዣ እንኳ አይገኝም።

ዕቃ የሚሻለው ሰዓቱ ከሌለና ሰው በራሱ የሚመጣበት ቦታ ላይ ከሆናችሁ ነው። ለምሳሌ ከአራት ኪሎ ታክሲ መያዣ አጠገብ የዘመድ ፎቶ ኮፒ ቤት ካለ፣ ጥግ ላይ ቻርጀርና የስልክ መሸፈኛ ማስቀመጥ ይቻላል። ሰው ለኮፒ መጥቶ ያያል። ዕቃው ትንሽ ነው፣ ቶሎ ይሸጣል። እዚህ ላይ የምመክረው ሃያ ሳይሆን አምስት አምስት እየገዙ መጀመር ነው። ጅምላ ዋጋው ትንሽ ይወደዳል፤ ግን የትኛው እንደሚሄድ የምታውቁት በአምስቱ ነው። ከገዛችሁት አንድ ሦስተኛው በ30 ቀን ሳይሸጥ ከቀረ በዚያ ዕቃ ላይ ሌላ ብር አትጨምሩ። በገዛችሁበት ሸጡና ውጡ። ዱቤው በእጅ ካለው ብር ከበለጠም አቁሙ።

የበዓል ዕቃ የራሱ አደጋ አለው። ለእንቁጣጣሽና ለፋሲካ ሰው ቤቱን ያድሳል፤ አንሶላም መጋረጃም ይፈለጋል። ግን ዕቃ የገዛ ሰው በዓሉ ባለፈ ማግሥት የቀረውን ይዞ ይቀመጣል። መጋረጃ ሰፊዋ ግን ከበዓል በኋላ የሚቀርባት ሥራ ነው እንጂ የሚተኛባት ብር የለም።

አንድ የሚያሳስት ነገር አለ። ዕቃ የሚመስል አገልግሎት ብዙ ነው። በትእዛዝ ኬክ መጋገር፣ እንጀራ ጋግሮ ማከፋፈል፣ ዳቦ ቆሎ ማዘጋጀት። ሻጯ ዕቃ የምትሸጥ ይመስላታል፤ የምትሸጠው ግን የእጇን ሰዓት ነው። ዋጋ ስታወጣ ጤፉንና ስኳሩን ትቆጥራለች፤ ሌሊት የተነሣችበትን አትቆጥርም። የሰዓቱን ጣሪያም የብሩን መታሰርም ሁለቱንም የምትሸከመው እሷ ናት። እንዲህ ያለውን ሥራ የሚያስቡ ሁለቱንም ሒሳብ መሥራት አለባቸው።

በደንበኛ ብር ዕቃ መግዛት

የአክስቴ ልጅ በሦስተኛው ወር ያገኘችው መንገድ ከሁሉ የሚሻል መሰለኝ። ብዙ ደንበኞች ጨርቅ መግዣ ጊዜ የለንም አሏት። «አንቺው ግዢልን።» ስለዚህ ከጨርቅ ሱቆች ትንንሽ ቁራጭ ናሙና ሰበሰበችና ወረቀት ላይ ሰፍታ ደብተር አደረገችው። ልትለካ ስትሄድ ያንን ታሳያለች። ደንበኛው በብርሃን አጠገብ አድርጎ ይመርጣል።

ሒሳቡ እንዲህ ነው። ጨርቁን በሜትር 450 ትገዛለች፣ በ490 ታስከፍላለች። ለ16.5 ሜትር 660 ብር ተጨማሪ ትርፍ አለው። ለሁለት ቤት በአንድ ጊዜ መርካቶ ስለምትወርድ ለአንዱ ቤት የሚደርሰው አንድ ሰዓት ተኩል ነው። ከዕቃው የምታገኘው በሰዓት 440 ብር ማለት ነው። ከስፌቱ እጥፍ ይበልጣል። የራሷ ብር ግን አንድም አልወጣም።

ይህ የሚሠራው ቀብዱ የጨርቁን ዋጋ ሙሉ ሲሸፍን ብቻ ነው። የጨርቁ 8,085 ከስፌቱ 3,000 ጋር ጠቅላላው 11,085 ብር ከሆነ ቀብዱ 8,000 ነው። ግማሽ ቀብድ ብትቀበል 5,500 አካባቢ ነው፤ ጨርቁ ራሱ 7,425 ያወጣል። ልዩነቱን ከኪሷ ልትጨምር ነው። ደንበኛው ሐሳቡን ቢቀይር ደግሞ የተቆረጠ ጨርቅ ማንም አይመልስላትም። ወይን ጠጁ አንሶላ እንደገና ቤቷ ገባ ማለት ነው። ስለዚህ ቀብዱ ሳይገባ መቀስ አይነሳም። መጀመሪያ ለመናገር ታፍር ነበር። አሁን ናሙናውን ስታሳይ አብራ ትናገራለች፤ ሰውም አይከፋውም፤ የሚከፋው መጨረሻ ላይ ሲነገረው ነው።

ወደ ፊት እንግዳ ማረፊያ ወይም ቢሮ ማሰፋት ሲፈልግ ደረሰኝና የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር ይጠይቃታል። የንግድ ፈቃድ የሚሰጠው በሥራ ዘርፍ ስለሆነ፣ ስፌቱን ብቻ ወይስ ጨርቅ መሸጡንም ታስገባለች የሚለውን ከማውጣቷ በፊት መወሰን አለባት። እድሳቱ ከሐምሌ 1 እስከ ታኅሣሥ 30 ነው፤ ካለፈ ቅጣት አለው።

አሁን የቀራት የቅዳሜና እሁዱ ጥበት ነው። ባለፈው ወር ገጠማውን ለሰፈሯ ልጅ ሰጠች፤ ለአንድ ቤት 500 ብር ትከፍለዋለች። በዚያ ሦስት ሰዓት ሌላ ቤት ትለካለች ወይም መርካቶ ትወርዳለች። ልጁ ግን ለገጠማ ብቻ አይደለም የሚሄደው። ስትለካም አብሯት ይሄድና ግድግዳውን በጣቱ ያንኳኳል፤ ብሎኬት ይሁን ስስ ክፍልፋይ በድምፁ ያውቃል። የሚገዛውን የብሎን ዓይነት እዚያው ይጽፋል፤ እሑድ መሰርሰሪያ ይዞ ከመጣ በኋላ ሱቅ ፍለጋ እንዳይወጣ።